የተከለከለ ውኃ

መምህር ዋኘው ስኳር እንዳለበት በተነገረው በዓመት ከሁለት ወሩ፣ ቀበቶው ላይ በምስማር አራተኛ ቀዳዳ በሳ።

አርባ አራት ዓመቱ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ታሪክ ያስተምራል። መጀመሪያ የታከመበት የግል ክሊኒክ፣ «በዚህ ዕድሜ የሚመጣው ሁለተኛው ዓይነት ነው» ብሎ ክኒን ሰጥቶት ነበር፤ ክኒኑም ለመንፈቅ ያህል ደህና ሠራ። ከዚያ ወዲህ ግን ስኳሩ ሲወጣ እሱ ይከሳ ጀመር። ክሊኒኩ ክኒኑን ጨመረለት፤ ደግሞ ጨመረለት። በሦስተኛው ቀጠሮ የሚያክመው ሰው ካርዱን አገላብጦ አየና፣

«መምህር፣ ቁጥር አይዋሽም» አለው። «ወይ ክኒኑን አይውጡም፣ ወይ ተደብቀው ጣፋጭ ይበላሉ።»

ዋኘው ጣፋጭ ነገር ከራቀ ቆይቷል። ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ከጀመረ ዓመት አልፎታል። ጠላ ትቷል። የእህቱ ልጅ ሠርግ ላይ ጠጁ በብርሌ ሲዞር እሱ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይዞ ነው የዋለው። ክኒኑንም እንደ ዳዊት በየሰዓቱ ይደግመው ነበር። አብራው ገብታ ይህን የሰማችው ባለቤቱ የብርጓል፣ ቤት እንደደረሱ የስኳሩን ጣሳ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን ከማተቧ ጋር አሰረችው።

«ለነፍስህ ብዬ ነው» አለችው።

ያን ቀን ቆሽቱ አረረ። በገዛ ቤቱ እንደ ሌባ ድመት ተቆለፈበት።

ኅዳር ላይ አንድ ቀን ስለ ዘመነ መሳፍንት ሲያስተምር ምላሱ ደርቆ ቃሉን አልጨርስ አለው። በእረፍት ሰዓት ከመምህራን ክበብ አንድ ጆግ ውኃ ሳይተነፍስ ጠጣ፤ ጥሙ ግን ንቅንቅ አላለም። ወዲያው ያስመልሰው ጀመር። ባልደረቦቹ በባጃጅ ጭነው ሆስፒታል አደረሱት።

እዚያ የተቀበለችው ሐኪም ዶክተር ሩሃማ ትባላለች። የውስጥ ደዌ ሐኪም ናት፤ ከአዋሳ መጥታ ማርቆስ ከተመደበች ሁለት ዓመቷ ነው። ስኳሩ አምስት መቶ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው፤ ሰውነት ስኳሩን መጠቀም ሲያቅተው ስቡን እያነደደ የሚያወጣው መርዝም ሽንቱ ውስጥ ተገኘ። ፈሳሽ በደም ሥሩ፣ ኢንሱሊን በመርፌ እየተሰጠው አራት ቀን ተኛ። ሊወጣ ሲል ነርሷ መርፌውን በገዛ ሆዱ ላይ እንዴት እንደሚወጋ አሳየችው፤ ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በፊት። ከወጉ በኋላ ምግብ መዝለል ክልክል ነው አለችው። ላብ ካጠመቀው፣ እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ነገር ከተምታታበት ስኳሩ ከልክ በታች ወርዷልና ቶሎ ጣፋጭ ነገር ይውሰድ፤ ለዚህም ከረሜላ ከኪሱ አይለይ።

«አሁን ደግሞ ጣፋጭ ብላ ትሉኛላችሁ?» አላት በምሬት።

ዶክተር ሩሃማ አጠገቡ ቆማ ጉንጩን፣ እጁን፣ የቀበቶውን ቀዳዳዎች ስታይ ቆየች።

«ከዚህ በፊት ወፍራም ነበሩ?»

«በፍጹም።»

«ክኒኑን በትክክል ይወስዱ ነበር?»

«ብልዎትስ ያምኑኛል?»

«አምናለሁ» አለች።

ዋኘው ይህን ቃል ከሰው አፍ ከሰማ ቆይቶ ስለነበር ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ደሙ ተቀድቶ አዲስ አበባ ተላከ፤ ምርመራው ማርቆስ አይሠራም።

ውጤቱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ዋኘውና የብርጓል ከዶክተሯ ጠረጴዛ ፊት ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«መምህር፣ ስኳር ሁሉ አንድ አይደለም» ብላ ጀመረች። «ከምንበላው እህል ብዙው መጨረሻ ላይ ደም ውስጥ ስኳር ይሆናል። ያንን ስኳር ከደም ወደ ሥጋ የሚያስገባው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊንን የሚሠራው ደግሞ ቆሽት ነው።»

«ቆሽቴ አረረ የምንለው?»

«እሱው። ሁለተኛው ዓይነት የሚባለው ብዙ ጊዜ ጎልማሳ ላይ፣ በተለይ ክብደት የጨመረ ሰው ላይ ይመጣል። ቆሽት ኢንሱሊኑን ይሠራል፤ ሥጋው ግን አልታዘዝም ይላል። ቆሽትም እየጨመረ ይሠራ ይሠራና በዓመታት ውስጥ ይደክማል። ምግብ ማስተካከል፣ መንቀሳቀስ፣ ክኒን ይህን ለረጅም ጊዜ ይይዙታል። ቆይቶ መርፌ የሚያስፈልገውም አለ። አንደኛው ዓይነት ግን ሌላ በሽታ ነው ቢባል ይቀላል። ሰውነታችን ተሕዋስያንን የሚዋጋበት መከላከያ አለው አይደል? እሱ ይሳሳትና ኢንሱሊን የሚሠሩትን የቆሽት ሕዋሳት ጠላት ናቸው ብሎ ይፈጃቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ሕፃናትና ወጣቶች ላይ ነው የሚታየው። በሳምንታት፣ ቢበዛ በወራት ይጠማሉ፣ ሽንት ያበዛሉ፣ እየበሉ ይከሳሉ። ኢንሱሊን በመርፌ ካላገኙ ይሞታሉ። ክኒን አይተካውም።»

«የኔስ የትኛው ነው?»

«የእርስዎ ሥሩ የአንደኛው ነው፤ አመጣጡ የሁለተኛውን ይመስላል። የሚያጠቃው ያው የገዛ መከላከያዎ ነው፤ ግን በዝግታ፣ ያውም ከጎለመሱ በኋላ። መጀመሪያ ላይ ገና ያላለቀ ኢንሱሊን ሠሪ ስላለ ያለ መርፌ ይቆያሉ። ሐኪምም ዕድሜዎን አይቶ ሁለተኛው ነው ይላል። ክኒኑ ለጊዜው ይሠራል፤ ውስጥ ውስጡን ግን ያልቃል። ደምዎ ውስጥ መከላከያው ቆሽትን እያጠቃ መሆኑን የሚናገር ምልክት አለ። ቆሽትዎ ምን ያህል እንደሚሠራ የሚለካውም በጣም ዝቅ ብሏል። ስለዚህ ከእንግዲህ መርፌው የዕድሜ ልክ ነው።»

ዋኘው ነገሩን በሚያውቀው መንገድ ያዘው። «አንደኛው ከተማው በአንድ ጀንበር ሲዘረፍ ነው። የኔ ደግሞ ከበባ ነው።»

«እንዲያ ማለት ይቻላል። ግን ከባቢዎቹ ከውጭ የመጡ አይደሉም።»

«ጣፋጭ በልቼ አይደለማ።»

«አይደለም። ክኒን ዘለውም አይደለም። ያ ቁጥር የሚናገረው የቆሽትዎን ጉዳት እንጂ የእርስዎን ውሸት አልነበረም።»

የብርጓል ይህን ስትሰማ እጇን ወደ አንገቷ ሰድዳ የጣሳውን ቁልፍ ከማተቧ ፈታች። ጉልበቱ ላይ አኖረችለት። እሱም አንሥቶ ኪሱ ከተተው።

ዶክተሯ ብዕሯን አነሣች። «አንድ ልጠይቅዎት፤ ይህ ነገር በቤተሰብ ይሄዳል። ከወንድም፣ ከእህት መካከል በልጅነቱ ስኳር የታመመ አለ?»

«የለም» አለ ዋኘው። «ዲማ አካባቢ ነው የተወለድኩት። በዚያን ዘመን ስኳር የሚባል በሽታ ማን ያውቃል። በልጅነቱ የሞተው ታናሽ ወንድሜ ታዲዮስ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ቡዳ ነው የበላው የተባለው።»

«ምን ነበር ያደረገው?»

«ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ይበላል፣ ግን ይከሳል። መኝታውን ማራስ ጀመረ። ቀኑን ሙሉ ውኃ፣ ውኃ...»

ዋኘው ንግግሩን አቋረጠ። ከአፉ የወጣውን ራሱ ሰማው። ዶክተሯም ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አስተኛች።

«መጨረሻው ላይ አተነፋፈሱ ምን ይመስል ነበር?» አለች በዝግታ።

«እንደ ወናፍ። ትንፋሹም የተብላላ ፍሬ ይሸት ነበር።» ቀጥሎም፣ «ዶክተር፣ እንዲህ ያለው ልጅ ውኃ ቢከለከልስ?»

«ለምን ይከለከላል?»

«ሽንት የሚያበዛው ውኃ ስለሚጠጣ ነው ቢባልስ?»

«ተገላቢጦሽ ነው፤ የሚጠጣው ስለሚሸና ነው። ስኳሩ በሽንት ሲወጣ የሰውነቱን ውኃ እየጎተተ ነው። ቢከለከል ጭራሽ ይደርቃል።»

«ቢሰጠውስ ይተርፍ ነበር?»

«ያለ ኢንሱሊን? አይተርፍም ነበር።»

«ተጠምቶ ግን አይሞትም ነበር» አለ ዋኘው።

«ምልክቱ ሁሉ የአንደኛው ዓይነት ነው፤ ሌላ ሊሆን አይችልም» አለች ዶክተሯ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ዋኘው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ታዲዮስ ከመታመሙ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ሥራነሽ የምትባል ሸክላ ሠሪ ጎረቤታቸው ልጁን ራሱን ዳብሳ «ምን ያለ ያማረ ልጅ ነው!» ብላ ነበር። ልጁ ሲታመም መድኃኒት አዋቂ ተጠራ። አዋቂው አይቶ፣ «የሚጠጣው እሱ አይደለም፣ የበላችው ናት። ውኃውን ከልክሏት፤ ጥሟ ሲጠናባት ትለቀዋለች» አለ። እናታቸው ወለተ ሰንበት እንስራውን በር ሥር አስቀምጣ ዋኘውን አርጩሜ አስይዛ አጠገቡ አስቀመጠችው። ሦስት ቀን ጠበቀ። ታዲዮስ ከመደቡ ሆኖ «ወንድምዓለም፣ ከንፈሬን ብቻ» ይለው ነበር። በሁለተኛው ቀን ተጎትቶ መጥቶ እንስራውን በምላሱ ሲልስ፣ ዋኘው እጁን መታው። በአራተኛው ቀን ልጁ አለፈ።

ሥራነሽን ማንም አልገደላትም፤ ግን ከዚያ ወዲህ እሳት የሚጭርላት፣ ዕቁብ የሚያስገባት፣ ለቅሶዋን የሚደርስ አልነበረም። ማሰሮዋን ማንነቷን የማያውቅ እንዲገዛት ሩቅ ገበያ ትወስዳለች። አንዲት ልጇ ማንጠግቦሽ ፈላጊ አጥታ አርጅታ፣ ደጀን ወርዳ ለመንገደኛ ሻይ መሸጥ ጀመረች። እንዲህ ሠላሳ ሁለት ዓመት።

በተከታዩ ቅዳሜ ዋኘው ጠዋት መርፌውን ወግቶ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ከማርቆስ መኪና ተሳፈረ። ከመኪናው ከወረደ በኋላ ሁለት ሰዓት በእግሩ ሄዶ እናቱ ቤት ደረሰ። ወለተ ሰንበት ሰማንያ ሊሞላት ነው፤ ዐይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን አሁንም ቅጠል ሲወድቅ ይሰማል። ኮቱን አውልቆ ከምሰሶው ሰቀለ፤ ከእግሯ ሥር ተቀምጦም ዶክተሯ የነገረችውን ሁሉ ነገራት። የሱ በሽታ ቀስ ብሎ የመጣው ነው፤ የታዲዮስ ፈጥኖ የሚገድለው። ሥራቸው ግን አንድ ነው፤ ያንኑ ቆሽት የገዛ ሰውነት ሲያጠፋው ነው። ማንም ማንንም አልበላም።

እናቱ እስኪጨርስ አዳመጠች። ከዚያ፣

«ታዲያ ውኃውስ?» አለች።

«ውኃው ይጠቅመው ነበር፣ እማዬ። ባያድነውም...»

«ተው!» እጇን አነሣች። «ልጄን ሰው በላብኝ ብዬ ሠላሳ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። አሁን የበላሽው አንቺ ነሽ ልትለኝ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣኸው?»

«እኔም ነበርኩ እኮ። እንስራው ጋ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

«አንተማ ልጅ ነበርክ። ያስቀመጥኩህ እኔ ነኝ።» ድምጿ ተሰበረ፤ ወዲያው ደግሞ ጠነከረ። «እሷ ናት የበላችው። ሐኪምህ አገሩን አታውቅም። ከእንግዲህ የታዲዮስን ስም በዚህ ቤት ከስኳር ጋር እንዳታነሣ። ያቺ ሴት ደጃፍም እንዳትደርስ!»

ምሳ እየተሰናዳ ነበር። ዋኘው ግን ተነሥቶ ወጣ። ኮቱ ምሰሶው ላይ እንደተሰቀለ ቀረ፤ ከረሜላው ኪሱ ውስጥ ነው።

የሥራነሽ ጎጆ ከገደሉ አፋፍ፣ ከመንደሩ ተነጥላ ናት። አሮጊቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የጀበና አንገት ታበጅ ነበር። ዋኘውን ስታየው እጇ ቆመ፤ ከዚያ ቤት ሰው መጥቶ አያውቅም።

«እማማ ሥራነሽ፣ ዋኘው ነኝ። የወለተ ሰንበት ልጅ።»

«አውቄሃለሁ። ምን አጠፋሁ ደግሞ?»

ቆሞ ነገራት። ለእናቱ እንደነገራት፣ ከዚያም የእንስራውን ነገር ጨምሮ። አሮጊቷ ጭቃውን ይዛ አዳመጠች።

«እኔ ሳልሆን በሽታው ነው?» አለች በመጨረሻ።

«በሽታው ነው። እርስዎ የሉበትም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«በደም ምርመራ የተረጋገጠው የኔ ነው፤ የሱን ግን ሐኪሟ ምልክቱን ሰምታ ሌላ ሊሆን አይችልም ብላለች።»

ጭቃውን መሬት ላይ አኖረችው። «አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ አንዳንዴ በልቼው ይሆን እል ነበር። ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሲልህ መጠርጠርህ አይቀርም። ሳላውቀው ዐይኔ ወጋው ይሆን ብዬ ንስሐ ገብቻለሁ። ለማላውቀው ኃጢአት በየዓመቱ ሁዳዴን ስሰግድ ኖሬያለሁ።» አለቀሰች። ጭቃ በነካው እጇ ፊቷን ስትጠርግ ጉንጯ ላይ መስመር ቀረ።

ዋኘው ሊያጽናናት ፈለገ፤ ቃሉ ግን ከአእምሮው አልመጣ አለው። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ መጣበቁን ያኔ አወቀ። ስምንት ሰዓት አልፏል፤ ጠዋት የተወጋው መርፌ ሥራውን አልተወም፤ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ ሄዶ ምሳ አልበላም። እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኪሱን ፈለገ፤ ኮቱ የለም።

«ስኳር...» አለ፤ ከዚያ ጉልበቱ ከዳውና ደጃፏ ላይ ተቀመጠ፤ ከመቀመጥም ወደ ጎኑ አዘነበለ።

ሥራነሽ ደነገጠች፤ ግን አልዘገየችም። ገብታ ለሻይ ያስቀመጠችውን ስኳር በጣሳ ውኃ በጥብጣ መጣች። ራሱን ጭኗ ላይ ደገፍ አድርጋ «ዋጥ፣ ልጄ፣ ዋጥ» እያለች ጥቂት በጥቂት አጠጣችው። ጣሳው አፉ ላይ ተደቅኖ ሳለ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች በአፋፉ መንገድ ብቅ አሉ። የወለተ ሰንበት ልጅ ሥራነሽ ጭን ላይ ተዘርሮ አዩ።

«ኡኡ! ታላቁንም በላችው!» ብላ አንዲት ሴት ጮኸች።

ሰው እንዴት እንደተሰበሰበ ዋኘው አላወቀም። ድምፁ ሁሉ ከጉድጓድ እንደሚመጣ ሆኖ ነበር የሚሰማው። አንድ ሰው አሮጊቷን በነጠላዋ አንገቷ ላይ ይዞ ጎተታት። «ትፊበት! ልቀቂው! ትፊ!» ይሏታል። እሷ ወደ ዋኘው አየች፤ እንዲናገር ነበር የምትጠብቀው። ምላሱ አፉ ውስጥ እንደ ድንጋይ ተኝቷል። ዱላ ተነሣ። ሥራነሽም ጎንበስ ብላ ግንባሩ ላይ ተፋች።

ጥቂት ደቂቃ አለፈ። የጠጣው ስኳር ደሙ ውስጥ ገባ። ላቡ ቆመ፤ ዐይኑ ጠራ፤ ዋኘው በክንዱ ተደግፎ ቀና አለ።

ሴቶቹ እልል አሉ።

«ስኳሩ ነው!» አለ ዋኘው። «ስሙኝ፣ ስኳሬ ወርዶ ነው፤ ያጠጣችኝ ስኳር ነው ያነሣኝ! ምራቋ አይደለም!»

አንድ ሽማግሌ በርኅራኄ ትከሻውን ዳበሱት። «አውቀናል፣ የኔ ጌታ። ስኳርም አለብህ፣ እሷም አለችብህ።»

«አልበላችኝም እኮ ነው የምላችሁ!»

«ይለፈልፍ፤ ተዉት፣ ሲለፈልፍ ነው የሚለቀው» አለ ሌላው።

ደግፈው እናቱ ቤት ወሰዱት። ወለተ ሰንበት ነገሩን ከሰዎቹ አፍ ሰማች። ልጇን አቅፋ ሳመችው፤ አለቀሰችም። ፊቷ ላይ ግን ዋኘው ጠዋት ያላየው ነገር ነበር፤ ሸክም የወረደለት ሰው ፊት ነበር።

«አላልኩህም?» አለችው። «አላልኩህም ነበር?»

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዋኘው ሕዝቡ ፊት ቆሞ ሁሉንም ተናገረ። የውኃውን፣ የወንድሙን፣ የሦስቱን ዓይነት ስኳር ልዩነት። የተማረ ሰው ነውና በጨዋነት አዳመጡት። ሲጨርስ ካህኑ «እግዜር ይማርህ» አሉት። ሕዝቡም «አሜን» አለ፤ ለሱ ጤና ነበር የጸለዩት።

ከዚያ በኋላ በአንድ ወር ውስጥ ሥራነሽ ቤቷን ለቀቀች። ሸክላ አፈር የምትቆፍርበትን ቦታ አጠሩባት፤ ጎጆዋ ላይ ሌሊት ሌሊት ድንጋይ ይወረወርባት ጀመር። ሠላሳ ሁለት ዓመት ርቀዋት እንጂ ነክተዋት አያውቁም ነበር፤ አንድ ልጅ ሲሞት ታግሠዋት ነበር፤ አሁን ግን ታላቁን ስትደግም በዐይናቸው አዩ። ልጇ ማንጠግቦሽ መጥታ ወደ ደጀን ወሰደቻት።

ዋኘው ይህን የሰማው ማርቆስ ሆኖ ነው። በዚያው ሳምንት የሆስፒታል ቀጠሮው ነበር። ዶክተር ሩሃማ የስኳሩን ቁጥር አየችና ደስ አላት።

«እጅግ ጥሩ ነው፣ መምህር። ኪሎም ጨምረዋል። ምን የተለየ ነገር አደረጉ?»

«ምንም» አላት።

ጥር ላይ ደጀን ወረደ። ማንጠግቦሽ ከአዲስ አበባው መንገድ ዳር፣ የጭነት መኪኖች ለዐባይ ቁልቁለት ፍሬናቸውን ከሚያዩበት ቦታ፣ በላስቲክ የተከለለች ሻይ ቤት አላት። እናቷ በስተኋላ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ነበር። እጇ ላይ ጭቃ አልነበረበትም። ደጀን ውስጥ ማንም ስለማያውቃት ማንም አይሸሻትም፤ ሹፌሮቹ «እማማ» ብለው ሰላም ይሏታል።

ዋኘው አጎንብሶ ቆመ። «እማማ ሥራነሽ፣ ልረዳዎት የምችለው ነገር ካለ...»

«ተቀመጥ» አለችው። ማንጠግቦሽ ሳትጠየቅ ያለ ስኳር ሻይ አቀረበችለት፤ ፊቱን ግን አላየችውም።

አሮጊቷ የሚያልፉትን መኪኖች እያየች ተናገረች። «ቂም አልያዝኩብህም። መልካም ልታደርግ ነው የመጣኸው። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። በደለኛ ነኝ ብዬ ሳስብ ሁሉንም ችዬው ነበር። ቢርቁኝ፣ ልጄ ሳታገባ ብትቀርብኝ፣ የሠራሁትን ነው የማገኘው እል ነበር፤ እሰግድም ነበር። አሁን ንጹሕ መሆኔን አወቅሁ። ታዲያ ያንን ሁሉ ዓመት ምን ላድርገው?»

ዋኘው ብርጭቆውን በሁለት እጁ አቀፈ።

«ሻይህ ይቀዘቅዛል» አለችው።

ጠጣ። የማርቆስ አውቶቡስ ጥሩምባ ሲያሰማ ተነሣ፤ ሊሰናበታት እጁን ዘረጋ፤ እሷም ያዘችለትና ቶሎ ለቀቀችው። የራት ሰዓቱ ሳያልፍ ቤቱ ለመድረስና መርፌውን ለመውጋት በዚያው መኪና መሄድ ነበረበት፤ ሄደም። ወለተ ሰንበት በዓመቱ ፋሲካ ሳይደርስ ሞተች፤ እስከ መጨረሻዋ ታዲዮስን ሰው እንደበላው እያመነች። ዋኘው ቀብሯ ላይ ቆሞ ነበር፤ ስለ ውኃው ግን አንዲት ቃል አልተናገረም።